«የመጣልዎት ወረቀት አለ?»

ለልምምዱ ሁለት ወረቀት ይዘጋጃል። አንደኛው ተከራይዋን ለምትጫወተው ተማሪ የሚሰጥ ሲሆን ሁለት ገጽ ሙሉ ነው፤ የት እንደምትኖር፣ ስንት እንደምትከፍል፣ ምን እንደምታፍርበት፣ ቦርሳዋ ውስጥ ምን እንደያዘች ተጽፎበታል። ሁለተኛው ለጠያቂው ይሰጣል። እሱ ላይ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ባለጉዳይዋ አከራይዋ ቤት ልቀቂ ስላሏት ምክር ፈልጋ መጥታለች።» በሁለቱ ወረቀቶች መካከል ያለውን ክፍተት ጠያቂው በጥያቄ እንዲሞላ አርባ ደቂቃ ይሰጠዋል።

በሕግ ትምህርት ቤቶች ሥር የሚገኙ የነጻ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት፣ ተማሪዎቹ የሕግ ክሊኒክ የሚሏቸው፣ እውነተኛ ባለጉዳይ ፊት ከመቅረባቸው በፊት ተማሪዎቻቸውን እንዲህ ያለማምዳሉ። ተማሪው ፈቃድ ያለው ጠበቃ ስላልሆነ ሥራው በአብዛኛው ምክር መስጠትና ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ጽሑፍ ማዘጋጀት ነው። ችሎት የምትቆመው ባለጉዳይዋ ራሷ ናት። በዚህ ምክንያት በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ የተዘለለ ፍሬ ነገር ችሎት ላይ በጠበቃ ብልሃት ይቃናል ተብሎ አይጠበቅም፤ በጽሑፉ ውስጥ ከሌለ የለም።

ለዚህ ጽሑፍ የተመረጠው ጉዳይ ለልምምድ የተዘጋጀ ነው፤ እውነተኛ ባለጉዳይ የለበትም። ውስጡ ያለው ነገር ግን አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ለኖረ ሰው እንግዳ አይሆንም። ተከራይዋ አርባዎቹን የጀመረች የሁለት ልጆች እናት ስትሆን፣ ግቢ ውስጥ ካለ ሰርቪስ ቤት ሁለት ክፍል በወር 7,000 ብር ተከራይታለች። የልምምዱ ቀን ማክሰኞ የካቲት 17 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው ተብሎ ተወስኗል።

የመጀመሪያው ተማሪ ገባ። ሰላምታው ጥሩ ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣት። ቀጥሎ እስክሪብቶውን አንሥቶ ጥያቄውን አዥጎደጎደው። «ውል አለዎት?» «አለኝ።» «የስንት ጊዜ?» «የአንድ ዓመት።» «ኪራይ ከፍለዋል?» «የሁለት ወር አልከፈልኩም።» «ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎታል?» «ውጪ ብለውኛል።» በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ቅጹ ሞላ። ማስታወሻው ላይ የሰፈረው ታሪክ ይህ ነው፦ ውሏ ያለቀ፣ የሁለት ወር ኪራይ ያልከፈለች፣ እንድትወጣ የተነገራት ተከራይ። ተማሪው ከልቡ አዝኖ «አይዞዎት፣ ማንም አያስወጣዎትም» ብሎ ሸኛት።

የጻፈው እያንዳንዱ መልስ ከአፏ የወጣ ነው። አንድም የሐሰት ቃል የለበትም። ተደምሮ የሚሰጠው ስዕል ግን ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም። የተሰጠው ተስፋም የማንም ሥልጣን ያልፈቀደው ነው፤ ዳኛው ምን እንደሚል ገና መዝገቡን ያላየ ተማሪ ሊያውቅ አይችልም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ቦርሳዋ ውስጥ ታጥፎ የተቀመጠው መጥሪያ እንደታጠፈ መመለሱ ነው። ከፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የወጣ ሲሆን፣ የመከላከያ መልሷን ይዛ ሐሙስ የካቲት 19 እንድትቀርብ ያዛል። የቀረው ሁለት ቀን ነው።

ለምን አላወጣችውም? የተዋናይዋ ወረቀት ላይ መመሪያው በግልጽ ተጽፏል፦ «ካልተጠየቅሽ አታውጪ። የአከራይዋ ልጅ ያመጣልሽ ወረቀት ነው፤ ማስፈራሪያ ይመስልሻል፤ ማኅተሙን ስታዪ ሆድሽ ስለሚባባ ደግመሽ አላነበብሽውም።» በክሊኒክ የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። የተጨነቀ ሰው የሚናገረው ያንገበገበውን ነው እንጂ ለሕግ የሚጠቅመውን አይደለም። አከራይዋ በልጆቿ ፊት የሰደቧት ስድብ ከመጥሪያው በላይ ያማታል፤ ስለ ስድቡ ግማሽ ሰዓት ትናገራለች፤ መጥሪያው ግን ለእሷ ወረቀት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቀን መፈለግ ነው። ጥያቄው «ክስ ተመሥርቶብዎታል?» ከሆነ «ኧረ የለም!» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል፤ ተከስሻለሁ ብላ አታስብምና። «ከወረዳም፣ ከፖሊስም፣ ከፍርድ ቤትም፣ ከአከራይዋም ቢሆን የመጣልዎት ወረቀት አለ? እስቲ የያዙትን ሁሉ እዚህ ያስቀምጡልኝ» ሲባል ግን ቦርሳው ይከፈታል። ወረቀቱን ባለጉዳይዋ ምን እንደሆነ እንድታስረዳ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ጠያቂው ራሱ ያነበዋል። ማን እንዳወጣው፣ የመዝገብ ቁጥሩን፣ የቀጠሮውን ቀንና ሰዓት፣ የትኛው ምድብና ችሎት እንደሆነ ያያል። መቼና በማን እጅ እንደደረሳት ደግሞ እሷን ይጠይቃል፤ ይህ ወረቀቱ ላይ ላይኖር ይችላል።

ቀኑ ለምን ይህን ያህል ይከብዳል ቢባል፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 70 መጥሪያ በአግባቡ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ ጉዳይ በሌለበት እንዲታይ ይፈቅዳል። በሌለበት የተሰጠን ውሳኔ ማስነሻ መንገድ በቁጥር 78 ላይ አለ፤ ነገር ግን ውሳኔውን ካወቁበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ ማመልከትና ያልቀረቡበትን በቂ ምክንያት ማስረዳት ይጠይቃል። «ወረቀቱን ፈርቼ አላነበብኩትም» የሚለው ምክንያት ፍርድ ቤት ፊት ሩቅ አይወስድም።

ሁለተኛዋ ጠያቂ ስትገባ ባለጉዳይዋ ከአዲስ ትጀምራለች፤ የቀደመው ቃለ መጠይቅ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ተማሪዋ ስሟን ተናገረች፤ የሕግ ተማሪ እንደሆነች፣ ሥራዋን አስተማሪ እንደሚያይላት፣ እዚህ የሚነገረው ነገር ያለ ባለጉዳይዋ ፈቃድ ወደ አከራይዋም ሆነ ወደ ሌላ ሰው እንደማይሄድ አስረዳች። ወደ ጉዳዩ ከመግባቷ በፊት የአከራይዋን ስም ጠይቃ ከማዕከሉ መዝገብ ጋር አመሳከረች። አከራይዋ ቀድመው እዚያው ማዕከል ምክር ጠይቀው ከሆነ ሁለቱንም ወገን ማማከር አይቻልም፤ ይህ ደግሞ የባለጉዳይዋ ምስጢር ከተሰማ በኋላ ቢታወቅ ለማንም አይበጅም። ሁሉም ነገር ሦስት ደቂቃ አልፈጀም።

ቀጥላ ስለ ወረቀት ጠየቀች። መጥሪያው ወጣ፤ አብሮት የክሱ ቅጂ፣ አንድ ገጽ የኪራይ ውልና የትምህርት ቤት ደረሰኝ ወጣ። ቀኑን አይታ ደነገጠች፤ ድንጋጤዋ ፊቷ ላይ ታየ። ይህን ባልደረቦቿ በኋላ ነግረዋታል። ሆኖም አልተጣደፈችም። «ሐሙስ ቀጠሮ አለ። ዛሬ የምንጨርሰውን እንጨርሳለን፤ ጊዜ ስላለን አይጨነቁ» አለችና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አሁን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዴት እንደሆነ ይንገሩኝ። እዚያ ቤት እንዴት እንደገቡ፣ ከዚያ ምን እንደተከተለ። አላቋርጥዎትም።»

አሜሪካውያኑ የሕግ መምህራን ዴቪድ ባይንደርና ሱዛን ፕራይስ በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የሕግ ቃለ መጠይቅ መጽሐፍ ውስጥ ይህን ሥራ በሦስት ደረጃ ከፍለውት ነበር። መጀመሪያ ባለጉዳዩ ችግሬ ነው የሚለውን በራሱ ቃል መስማት፣ ቀጥሎ ታሪኩን በጊዜ ቅደም ተከተል ማስነገር፣ በመጨረሻ ሕጉ የሚፈልጋቸውን ነጥቦች እያነሡ መመርመር። የመጀመሪያው ተማሪ ሦስተኛው ላይ ጀምሮ ሦስተኛው ላይ ነው የጨረሰው። ጥያቄዎቹ እሱ አስቀድሞ ከገመተው ታሪክ የወጡ ናቸው፤ ያልገመተውን አይጠይቁም።

የጊዜ ቅደም ተከተል እኛ ዘንድ የራሱ መልክ አለው። ባለጉዳይዋ «የገባሁት ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ነው» ትላለች። አከራይዋ ጭማሪ የጠየቋትን ቀን ስትጠየቅ «ለሚካኤል» ብላ ታልፋለች። ብዙ ተማሪ ይህን እንደሰማ «ቀኑን በትክክል ያስታውሱ እንጂ» ይላል። እሷ ግን ከዚህ የበለጠ ትክክል የሆነ ቀን ልትሰጥ አትችልም። ፍልሰታ የሚፈታው ነሐሴ 16 ስለሆነ የገባችው ነሐሴ 17 ነው። ዓመቱን በልጇ ትምህርት ማወቅ ይቻላል፦ «ትንሹ ልጅ አንደኛ ክፍል ሊገባ ሲል» ማለት 2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ሚካኤል በየወሩ 12 ስለሚውል ቀሪው ጥያቄ የየትኛው ወር ሚካኤል ነው የሚለው ነው።

ተማሪዋ እዚህ ላይ ልትሳሳት ነበር። ጥምቀት በቅርቡ ያለፈ በመሆኑ ጥር 12 ብላ ልትጽፍ እጇን አንሥታ ተወችው። «የቃና ዘገሊላው ሚካኤል ነው?» «ኧረ አይደለም፤ ከገና በፊት፣ የታኅሣሡ።» የአንድ ወር ልዩነት ነው። ይህ ወር ደግሞ ጠቅላላ የክሱ አንጓ ሆኖ ተገኘ፤ አከራይዋ አልተከፈለኝም የሚሉት ኪራይ ከታኅሣሥ 20 ይጀምራልና። ጭማሪው የተጠየቀው ያልተከፈለው ወር ከመድረሱ በፊት ነው ማለት ነው። በጥር ቢጻፍ ኖሮ ታሪኩ ይገለበጣል፤ ኪራይ ያልከፈለች ተከራይ ናት፣ አከራይዋም ከዚያ በኋላ ነው ውጪ ያሏት ተብሎ ይነበባል።

አሁን ስለ ኪራዩ። ተማሪዋ «ከፍለዋል?» አላለችም። «ኪራይ እንዴት እንደሚከፍሉ ከገቡበት ጊዜ ጀምሮ ያስረዱኝ» አለች። መልሱ እንዲህ መጣ፦ ስትገባ የሦስት ወር፣ 21,000 ብር፣ በእጅ ሰጥታለች፤ ደላላው ነበር። በዓመቱ ውስጥ በየወሩ 20 ላይ 7,000 ብር ለአከራይዋ በእጃቸው ትሰጣለች፤ ደረሰኝ የለም። ከመስከረም 2018 ጀምሮ አከራይዋ እግራቸውን ስላመማቸው በልጃቸው ስልክ በቴሌብር ላክልን ተብላ ስትልክ ቆየች። በታኅሣሥ ሚካኤል አከራይዋ ጠርተዋት ከዚህ ወር ጀምሮ 11,000 ካልከፈልሽ ቤቱን ልቀቂ አሏት። አልችልም አለች። ታኅሣሥ 22 የተለመደውን 7,000 ላከች። በማግስቱ ገንዘቡ ተመልሶ ስልኳ ላይ ገባ።

ተማሪዋ ዝም አለች፤ መልሱ አላለቀም የሚል ዝምታ ነበር። ባለጉዳይዋ መሬት መሬት እያየች ቀጠለች። «እሱን ብር... የልጆቹን ትምህርት ቤት ከፈልኩበት። ጥር 20 ሲደርስ የምልከው አልነበረኝም። ደግሞስ ቢላክ ይመለስ የለ።»

በተዋናይዋ ወረቀት ላይ ይህ ፍሬ ነገር «አሳፋሪ» ተብሎ የተለየ ነው። ካልተመቻት እንዳትናገረው ታዝዛለች። አንዲት ተማሪ በሌላ ዙር «ታዲያ ለምን አጠፉት?» ብላ ጠይቃ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጡት መልሶች ሁሉ በአንድ ቃል ያለቁ ነበሩ። ይህችኛዋ «ገባኝ። የትምህርት ቤቱ ደረሰኝ እሱ ነው?» አለችና ደረሰኙን ከወረቀቶቹ መካከል አነሣችው። ቀኑ ታኅሣሥ 25 ነው። ገንዘቡ መመለሱንም የወጣበትን ቀንም የሚደግፍ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቀጥላም «ስልክዎ ላይ መልእክቶቹ አሉ?» ብላ ጠየቀች። የተሰነጠቀ መስታወት ያለው ስልክ ወጣ። የተላከበትና የተመለሰበት መልእክት ሁለቱም አሉ። እንዳታጠፋቸው፣ ስልኩንም ለማንም እንዳታውስ አሳሰበቻት፤ በራሷ ማስታወሻ ላይም የግብይት ቁጥሮቹን ገለበጠች።

ጠያቂ ሳያውቅ የሚያልፈው አንድ ነገር ግን እዚሁ ነበር፤ የሦስት ወሩ ቅድሚያ ክፍያ። «ሦስት ወር ቅድሚያ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ያ ገንዘብ በየትኛው ወር ተካካሰ? ተማሪዋ «ከዚያ በኋላ ደግመው የከፈሉት መቼ ነው?» ብላ ጠየቀች። «መስከረም 20።» ስለዚህ ከ21,000 ብር የመጀመሪያው ወር 7,000 ብቻ ታስቧል። ቀሪው 14,000 አከራይዋ እጅ ላይ ነው፤ ማንም አላነሣውም። ክሱ ላይ አልተከፈለም የተባለው የሁለት ወር ኪራይ ስንት ነው? 14,000።

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ቀና አሉ። አስተማሪያቸው ግን ይህን ሂሳብ ገና ታሪክ እንጂ ማስረጃ አይደለም ሲሉ አስቀመጡት። ገንዘቡ በእጅ ነው የተሰጠው። አከራይዋ «የአንድ ወር ብቻ ነው የተቀበልኩት» ቢሉ ምን ይቀርባል? ያን ጊዜ ነው ውሉ መነበብ ያለበት፤ ደላላው በእጁ የጻፈው አንድ ገጽ፣ ሁለት ምስክር የፈረመበት፣ ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም. የሚል። ከታች ከፊርማው በላይ «የሦስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ተቀብያለሁ» የሚል መስመር አለ። ባለጉዳይዋ ስለዚያ መስመር አታውቅም። ውሉን አንብባው አታውቅም።

እዚህ ላይ ሕጉ ይገባል፤ ቀደም ብሎ ቢገባ ግን ጠያቂዋ የምትሰማው የሕጉን ዝርዝር እንጂ ሴትዮዋን አይሆንም ነበር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በተቆጣጣሪው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ ያዝዛል። የውሉ ዘመን በመርህ ደረጃ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ኪራይ የሚጨመረው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን ነው። ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ መሆን አለበት።

የመጀመሪያው ተማሪ «የአንድ ዓመት ውል፣ ያለቀ» ብሎ የጻፈው እንግዲህ ሌላ መልክ ያዘ። ከነሐሴ 20 ቀን 2016 ሁለት ዓመት ሲቆጠር ነሐሴ 2018 ላይ ይደርሳል፤ አከራይዋ ውጪ ያሉት በመካከሉ ነው። ከ7,000 ወደ 11,000 የተጠየቀው ጭማሪም በተቆጣጣሪው አካል ከተወሰነው መጠን ጋር መነጻጸር አለበት። ይህ ሁሉ ለባለጉዳይዋ የሚረዳ ይመስላል። በሌላው ወገን ደግሞ ውሉ በወረዳ አልተመዘገበም፤ አዋጁ ኪራይ አለመክፈልን አከራይ ውል ሊያቋርጥባቸው ከሚችሉ ምክንያቶች መካከል ያስቀምጣል፤ የጥር ኪራይ ደግሞ ጨርሶ አልተላከም። ጠያቂዋ ሁለቱንም ዓምድ መሙላት አለባት፤ መከላከያ መልስ የሚጻፈው ከሁለቱም ነውና።

የጎደለውን ዓምድ የሚያወጣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ልምድ ያላቸው ሰዎች ወደ መጨረሻው ያቆዩታል። ተማሪዋ እንዲህ ጠየቀችው፦ «እናቴ፣ አከራይዋ ሐሙስ ዳኛው ፊት ቢቀርቡ በርስዎ ላይ ምን የሚሉ ይመስልዎታል? እውነትም ሆነ ውሸት፣ የሚሉትን ይንገሩኝ።»

ባለጉዳይዋ መጀመሪያ ሳቀች። «ምን የማይሉት አለ ልጄ! መብራት ጨረሰችብኝ ነው የሚሉት።» ለምን? እንጀራ ስለምትጋግር ነው። ለቤት ብቻ? ለሦስት ሱቅ ታስረክባለች፤ ሁለት ምጣድ አላት፤ ገቢዋም ይኸው ነው። ቆጣሪው የጋራ ነው፤ በወር 500 ብር ለመብራት ለብቻ ትጨምራለች። በቅርቡ ደግሞ ማታ ማታ መብራቱ ከዋናው ቤት ይጠፋባታል። ውሉ «ለመኖሪያ» ይላል። አከራይዋ ቤቱን ለንግድ አዋለችው ብለው ይከራከሩ ይሆናል። ይህን ከባለጉዳይዋ አፍ ማክሰኞ መስማትና ከአከራይዋ አፍ ሐሙስ ችሎት ላይ መስማት ልዩነቱ ሰፊ ነው። ማክሰኞ ከተሰማ ሌሎች ጥያቄዎች ይከተላሉ፦ አከራይዋ መጋገሯን ከመቼ ጀምሮ ያውቃሉ? እሳቸውስ እንጀራ ይገዟት ነበር? ለመብራት የምትጨምረውን 500 ብር የሚቀበሉት እያወቁ ነው? የመብራቱ መጥፋትስ የጀመረው ከታኅሣሥ ሚካኤል በፊት ነው ወይስ በኋላ?

«በኋላ ነው» አለች፤ አሁን ግን ተማሪዋ የዋዛ አልነበረችም። በምን እንደምታስታውሰው ጠየቀቻት። በገና ዋዜማ ለበዓል የታዘዘባትን እንጀራ ሳትጨርስ መብራት ስለጠፋ ሊጡ ተበላሽቶባት ነበር። ሱቆቹ ያን ቀን እንዳልተረከቡ ያስታውሳሉ። ሦስት ሰው ምስክር ሊሆን ይችላል፤ ስማቸውና ሱቃቸው ያለበት ቦታ ተጻፈ።

ሠላሳኛው ደቂቃ ላይ ተማሪዋ ብዙ ጠያቂ የሚረሳውን ጠየቀች። «ምን ቢሆንልዎት ይፈልጋሉ?» ክፍሉ ውስጥ ሁሉም መልሱን የሚያውቅ መስሎት ነበር፤ ቤቱ ውስጥ መቆየት። ባለጉዳይዋ ግን ሌላ አለች። «እኔማ ከዚያ ግቢ ብወጣ ደስታዬ ነበር። የሰው ፊት እያዩ መኖር ይሰለቻል። ትልቋ ልጄ ሰኔ ላይ የስምንተኛ ክፍል ፈተና አለባት። እስከዚያ ከትምህርት ቤቷ እንዳትርቅ ነው። ያስቀመጥኩት ብር ካለም እሱን ይዤ ብወጣ ሌላ ቤት እይዝበታለሁ።»

በዚህ መልስ የሚዘጋጀው ጽሑፍ አቅጣጫው ይቀየራል። ክርክሩ እንዳለ ሆኖ እስከ ሰኔ መጨረሻ የሚያቆያት፣ የ14,000 ብሩን ሂሳብ የሚያጠራ ስምምነት ለአከራይዋም የማይጠላ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ደግሞ ዳኛው ራሱ ተከራካሪዎቹን ታስማማላችሁ ወይ ብሎ ሲጠይቅ መልስ ይዞ መገኘት ያስፈልጋል። ጥያቄው ባይጠየቅ ኖሮ ተማሪዋ ባለጉዳይዋ የማትፈልገውን ቤት በሙሉ ኃይሏ ታስጠብቅላት ነበር።

አዘጋጋቷ እንዲህ ነበር። የሰማችውን በአጭሩ መልሳ ነገረቻት፤ ባለጉዳይዋ ሁለት ቦታ አረመቻት፤ አንደኛው የልጁ ስልክ ቁጥር ከጥቅምት ጀምሮ መቀየሩ ነው። «ዳኛው ምን እንደሚወስን አሁን ልነግርዎት አልችልም። የማውቀው ሐሙስ መቅረት እንደሌለብዎት ነው» አለቻት። የቀጠሮውን ቀን፣ ሰዓቱንና የችሎቱን ቁጥር በትልልቅ ፊደል በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈችላት። እስከ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ድረስ የምታመጣውንም ከታች ጻፈች፦ የውሉን ዋና ቅጂ፣ ስልኩን፣ ደላላው የሚገኝበትን ቁጥር። አከራይዋ ወይም ልጃቸው ፈርሚ የሚሏት ወረቀት ካለ ለማዕከሉ ሳታሳይ እንዳትፈርም ነገረቻት። «ከዚህ በፊትስ የፈረሙት ወረቀት አለ?» ብላ ስትጨምር ባለጉዳይዋ ትንሽ አሰበች። የለም።

ከዚህ በኋላ ተዋናይዋ ሚናዋን ትታ በራሷ ስም ትናገራለች፤ የልምምዱ ትልቅ ጥቅም ያለው እዚህ ነው፤ እውነተኛ ባለጉዳይ ይህን ለጠያቂዋ አትነግራትም። ተዋናይዋ ስለ ገንዘቡ ለመናገር የደፈረችው መቼ እንደሆነ ስትጠየቅ እስክሪብቶው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ መሆኑን ተናገረች። የከበዳት ደግሞ ተማሪዋ የቀጠሮውን ቀን ስታይ ፊቷ መለወጡ ነው፤ «ያለቀልኝ መሰለኝ» አለች። ተማሪዋ ይህን ጻፈችው። አስተማሪዋም አንድ ነገር ጨመሩ፦ ባለጉዳይዋ ስለ ስድቡ ልትናገር ሁለት ጊዜ ሞክራ ሁለቱንም ጊዜ ወደ ኪራይ ተመልሳለች፤ ስድቡ የተነገረበት ቀንና የነበሩት ሰዎች አልተጠየቁም። መብራቱን ካጠፉባት ማታ ጋር አንድ ቀን ሊሆን ይችል ነበር።

ከሰዓት በኋላ ለሌላ ቡድን ሌላ ወረቀት ተሰጠ። በዚህኛው ተከራዩ የቀን ሠራተኛ ነው፤ አከራዩ የሚስቱ አጎት ናቸው፤ የተጻፈ ውል የለም፤ ኪራዩም ግማሹ በገንዘብ ግማሹ ግቢውን በመጠበቅ የሚከፈል ነው። ጠያቂው የተሰጠው መስመር ያው የጠዋቱ ነው፦ ባለጉዳዩ አከራዩ ቤት ልቀቅ ስላሉት ምክር ፈልጎ መጥቷል።